“ሽፈራው ገደለኝ ሲል ሰማሁ”፦ ስለ ሰሚ ሰሚ ማስረጃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰሜን ሸዋ ጉዳይ ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች የምስክር ስም ሲያስመዘግቡኝ ከአምስቱ ሦስቱ ያዩ ሳይሆኑ የሰሙ ናቸው። “እሱ አላየም፤ ግን ሁሉን ነገር ያውቃል” ይሉኛል። እንዴት እንዳወቀ ስጠይቅ ዝም ይባላል፤ ወይም “አገር የሚያውቀው ነው” የሚል መልስ ይመጣል። አገር የሚያውቀውን ነገር ችሎት ፊት ማሳየት ሌላ ሥራ ነው።

ጥያቄዎቹን በአንድ ታሪክ ላይ ብናያቸው ይቀላል። ታሪኩም ስሞቹም ለምሳሌ የተፈጠሩ ናቸው። በአንኮበር መንገድ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ፣ በሐምሌ ጉም፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ወይዘሮ አስካለ ከቤቷ በታች “ኡኡ! ሽፈራው ገደለኝ!” የሚል ጩኸት ትሰማለች። ድምፁ የጎረቤቷ የደምሴ ነው። ባትሪ ይዛ ስትወርድ ደምሴ የድንጋዩን ካብ ተደግፎ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ታገኘዋለች፤ ደም በጣቶቹ መካከል ይወርዳል። ሌላ ሰው የለም። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ይደርሳል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነርሷን ያናግራታል፤ ሊነጋ ሲል ያርፋል። ደምሴና ሽፈራው በእርሻ ወሰን ሲካሰሱ የቆዩ ሰዎች ናቸው።

## የሰሚ ሰሚ ማስረጃ የሚባለው የትኛው ነው?

ከችሎት ውጭ በሌላ ሰው የተነገረን ቃል፣ ቃሉ እውነት መሆኑን ለማስረዳት ምስክር ይዞት ሲመጣ ነው። ሁለቱ ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው። አስካለ “ጩኸት ሰማሁ፤ ድምፁ የደምሴ ነው” ብትል የመሰከረችው በገዛ ጆሮዋ ስለደረሰው ነገር ነው። ዐቃቤ ሕግ ግን ከዚህ አልፎ “እንግዲያው የወጋው ሽፈራው ነው” ሊል ሲፈልግ የሚደገፈው በአስካለ ጆሮ ብቻ ሳይሆን በደምሴ ዓይን ነው። ደምሴ ደግሞ የለም። በዚያ ጉም የወጋውን ሰው በምን ብርሃን እንዳየው፣ ከዚያ በፊት ጠጥቶ እንደሆነ፣ ስሙን የጠራው በጥርጣሬ ይሁን በእርግጠኝነት መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠየቅ አይችልም። የደንቡ ሥር ይኸው ነው። አስካለ ትዋሻለች ተብሎ አይደለም፤ እሷ ፍጹም እውነተኛ ሆና ደምሴ ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ነገሩ አንድ እርከን ሲጨመርበት የአማርኛው ስም ልክ ይሆናል። አስካለ በማግስቱ ለወንድሟ ነገረችው፤ ወንድሟ ምስክር ሆኖ ቀረበ እንበል። አሁን ሁለት ሰዎች መጠየቅ አለባቸው፤ ደምሴ በትክክል አይቷል ወይ፣ አስካለስ በትክክል ሰምታለች ወይ። አስካለ በሕይወት እያለች ወንድሟን ማቅረብ ትርፉ ምን እንደሆነ ለእኔ አይገባኝም፤ ግን በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው።

## የእኛ ሕግ የሰሚ ሰሚን ይከለክላል?

በግልጽ “አይሰማም” የሚል አንቀጽ አታገኙም። በችሎት የምንሠራባቸው ድንጋጌዎች በሥነ ሥርዓት ሕጎቹ ውስጥ ተበትነው ያሉ ናቸው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 137 በዋና ጥያቄ ጊዜ ምስክር የሚጠየቀው ለጉዳዩ አግባብ ስላለውና እሱ በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ስለሚያውቀው ነገር እንደሆነ ይናገራል። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በቁጥር 263 ተመሳሳይ አነጋገር አለው።

ጠቡ ያለው “በተዘዋዋሪ” በምትለዋ ቃል ላይ ነው። አንዱ ወገን ከሌላ ሰው የሰማውንም ይጨምራል ይላል። ሌላው ወገን ቃሏ የአካባቢ ሁኔታን ብቻ የምትመለከት ናት ይላል፤ ለምሳሌ ሽፈራው በዚያ ሌሊት ደም የነካው ጋቢ ሲያጥብ ያየ ሰው ሲወጋ ባያይም በተዘዋዋሪ ያውቃል። በተግባር ዳኞቻችን ብዙ ጊዜ ቃሉን ይሰሙና ክብደቱን በፍርድ ጊዜ ይመዝናሉ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን ነገሩ የሕግ ዕውቀት በሌላቸው ፈራጆች፣ ማለትም ከሕዝብ በተመረጡ ሰዎች ጆሮ እንዳይገባ አስቀድሞ በር ላይ የሚያስቆም ደንብ ሆኖ አደገ። የእኛ ዳኛ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም ራሱ ይወስናል፤ ስለዚህ የእኛ ክርክር “ይግባ ወይስ አይግባ” ከሚለው ይልቅ “ስንት ይመዝናል” ወደሚለው ያዘነብላል።

ይህ ማለት ግን ተከሳሹ ባዶ እጁን ነው ማለት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የተከሰሰ ሰው የመሰከሩበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት አለው። የሰሚ ሰሚ የሚነካው ይህንኑ መብት ነው። የሕግ አውጪው ሲፈልግ ደግሞ በግልጽ ይጽፋል፤ የ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በአንቀጽ 23 የሰሚ ሰሚ ማስረጃን ተቀባይ አድርጎት ነበር። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። ሌላ ቦታ ያልተጻፈ ነገር እዚያ ላይ ለይቶ መጻፉ፣ በእኔ አስተያየት፣ ያለዚያ ነገሩ አከራካሪ መሆኑን ያሳያል።

## “ሰማሁ” የተባለ ሁሉ የሰሚ ሰሚ ነው?

አይደለም፤ ብዙ ጠበቆችም እዚህ ላይ ያለ ቦታው ይቃወማሉ። መለያው ቃሉ ለምን እንደቀረበ ነው።

በ1956 እ.ኤ.አ. ከቅኝ ግዛቶች የሚመጣ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የእንግሊዝ ፕሪቪ ካውንስል ሱብራማኒያም በተባለ ሰው ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነገሩን ቁልጭ ያደርገዋል። ሰውየው ማላያ ውስጥ ጥይት ይዞ ተገኘ። መከላከያው “ሽፍቶች ይዘውኝ አስፈራርተውኝ ነው” የሚል ነበር። የሥር ዳኛው ሽፍቶቹ ያሉትን እንዳይናገር ከለከሉት፤ እነሱ ራሳቸው ቀርበው ካልመሰከሩ የሰሚ ሰሚ ነው ብለው። ይግባኝ ሰሚው ስህተት ነው አለ። “እንገድልሃለን” የተባለው ቃል እውነት ይሁን ውሸት ማንም አልጠየቀም፤ የተጠየቀው መባሉና በሰውየው ልብ ላይ ያሳደረው ፍርሃት ነው። ያንን ደግሞ ከሰማው ሰው የተሻለ የሚመሰክር የለም።

በእኛ አገር ከዚህ የሚቀርበው ምሳሌ የቃል ኑዛዜ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 892 መሠረት ሞቱ እንደቀረበ የተሰማው ሰው የመጨረሻ ፈቃዱን ለሁለት ምስክሮች በቃል መናገር ይችላል። ሁለቱ ሰዎች ቀርበው “ይህን አለን” ሲሉ የሰሚ ሰሚ አይደለም፤ ቃሉ ራሱ ድርጊቱ ነውና። የሚያከራክረው ሌላ ነገር ነው። በቁጥር 893 መሠረት በእንዲህ ዓይነቱ ኑዛዜ መስጠት የሚቻለው የቀብር መመሪያ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ እና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚትና አሳዳሪ ነው። አባት በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ “ቤቱ ለታናሿ ይሁን” ብሎ ነበር እያሉ ሁለት የታመኑ ሽማግሌዎች ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች የሚወድቁት ሽማግሌዎቹ ስላልታመኑ ሳይሆን ቤት በ500 ብር ስለማይገባ ነው።

## “ሽፈራው ገደለኝ” የሚለው ጩኸትስ?

ከሰሚ ሰሚ ደንብ ዋና ዋና ልዩ ሁኔታዎች የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ከድርጊቱ ጋር አብሮ የወጣ፣ ድንጋጤ ያስወጣው ቃል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሆዱ የተወጋ ሰው በዚያች ቅጽበት ተንኮል ለማሰላሰል ጊዜ የለውም።

የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች መጀመሪያ ይህን እጅግ አጥብበው ይመለከቱት ነበር። በ1879 እ.ኤ.አ. በቤዲንግፊልድ ጉዳይ ጉሮሮዋን የተቆረጠች ሴት ከቤት ወጥታ “ሃሪ ያደረገኝን እይ” ብላ ነበር፤ ዳኛው ድርጊቱ ካለቀ በኋላ የተነገረ ነው ብለው ሳይቀበሉት ቀሩ። በ1987 እ.ኤ.አ. በአንድሩስ ጉዳይ በወቅቱ የእንግሊዝ የበላይ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት መስፈሪያውን ለወጠው፤ ሰዓት ቆጥሮ ከመፍረድ ይልቅ፣ ቃሉ ሲወጣ ልቡ ገና በድርጊቱ ተይዞ ነበር ወይ፣ ፈጥሮ ወይም አጣምሞ የመናገር ዕድል ነበረው ወይ የሚለው ይጠየቅ አለ። ያልተለመደ የስህተት ምንጭ ካለ፣ ለምሳሌ ስካር ወይም የቆየ ቂም፣ ለብቻው ይመርመር ተባለ።

አሁን ወደ አስካለ እንመለስ። ጩኸቱና የወረደችበት ጊዜ አንድ ላይ ናቸው፤ ቁስሉ ትኩስ ነው፤ ማንም ጠይቆት አልተናገረም። እስከዚህ ቃሉ ጠንካራ ነው። ነገር ግን በሐምሌ ጉም ውስጥ ነው። የፈጠራ ጥያቄ ተመለሰ ማለት የስህተት ጥያቄ ተመለሰ ማለት አይደለም። ደምሴ ሽፈራውን በመልኩ ነው ያወቀው፣ በድምፁ፣ ወይስ የወሰን ጠብ ስላለባቸው “ሌላ ማን ይሆናል” ብሎ? የወሰኑ ጠብ እዚህ ላይ በሁለት በኩል ይቆርጣል። ዐቃቤ ሕግ ምክንያት ይለዋል፤ ተከላካይ ደግሞ ስሙ ለምን ቶሎ አፉ ላይ እንደመጣ ማስረጃ ያደርገዋል። እኔ ተከላካይ ብሆን አስካለን ስለ ጩኸቱ አልጨቀጭቃትም፤ ባትሪዋ ስንት ክንድ ርቀት እንዳሳየቻት ነው የምጠይቃት።

## ለነርሷ የተናገረውስ? “የሟች ቃል” ከተባለ አለቀ?

አላለቀም። የሟች የመጨረሻ ቃል የሚባለው ልዩ ሁኔታ በእንግሊዝ ሕግ ከ1789 እ.ኤ.አ. የዉድኮክ ጉዳይ ጀምሮ የታወቀ ነው። መሠረቱ ሰው እንደሚሞት ሲያውቅ እንደ መሐላ ያለ ክብደት ያድርበታል የሚል ነው። ንስሐ አባት ሳይጠራ የማይሞትበት አገር ሰው ይህን አስረዱኝ አይልም። ዳሩ ግን በዚያ ሕግ ቃሉ የሚሰማው በሰው ግድያ ክስ፣ ስለ ራሱ ስለ ሟቹ አሟሟት ምክንያት ሲሆንና ተናጋሪው የመዳን ተስፋ ቆርጦ ሳለ ከተናገረው ነው።

ተስፋ መቁረጡ የሚታወቀው በአነጋገሩ ነው። ደምሴ ነርሷን “ሲስተር፣ እኔ አልተርፍም፤ ልጆቼን አደራ፤ የወጋኝ ሽፈራው ነው” ብሏት ከሆነ መስፈርቱ ተሟልቷል። “ከዳንኩ ፍርድ ቤት አቆመዋለሁ” ብሏት ከሆነ አልተሟላም፤ ሊነጋ ሲል መሞቱ ወደ ኋላ ተመልሶ አያሟላውም። በአሜሪካ በ1933 እ.ኤ.አ. በሼፐርድ ጉዳይ የሆነው እንዲህ ነው። ሚስት ስለ ባሏ “ዶክተር ሼፐርድ መርዞኛል” ብላ ነበር፤ ስትናገር ግን የመዳን ተስፋ ነበራትና የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቃሉን እንደ ሟች ቃል አልተቀበለውም። የሕንድ የ1872 እ.ኤ.አ. የማስረጃ ሕግ በበኩሉ የሞት መጠበቅን አልጠየቀም፤ ሟቹ ስለ አሟሟቱ መናገሩ ይበቃል ብሎ ነበር። ለእኛ ዳኛ ሁለቱም መንገዶች ሊጠቅሙት የሚችሉ ናቸው እንጂ አያስሩትም።

ስለዚህ ነርሷ ስትመሰክር ጭብጡን አሳጥራ “ሽፈራው ነው አለኝ” ብቻ ብትል ዋናው ነገር ይጠፋል። በምን ቃል እንደጠየቀችው፣ ስም አስቀድማ ጠርታለት እንደሆነ፣ ራሱን ያውቅ እንደነበር፣ ማደንዘዣ ተወግቶ እንደሆነ መናገር አለባት። “ሽፈራው ነው እንዴ የወጋህ?” ተብሎ በጭንቅላቱ የነቀነቀ ሰው እና “ማን ነው?” ተብሎ ስሙን የጠራ ሰው እኩል አይመዘኑም።

## ካርዱ ላይ ተጽፎ ከሆነ የበለጠ አይታመንም?

የትኛው መስመር? የተቋም መዝገብ የሚታመነው በሥራ ላይ ያለ ሰው፣ የመመዝገብ ግዴታ ኖሮበት፣ በወቅቱ፣ ክርክር ሳያስብ ስለሚጽፈው ነው። “ሆዱ ላይ በስለት የተወጋ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደረሰ” የሚለው የነርሷ ሥራ ነው። “ሽፈራው ወጋው” የሚለው ግን ለሕክምናው የማያስፈልግ፣ ከበሽተኛው ወይም ካመጡት ጎረቤቶች አፍ የተቀዳ ነው። ካርድ ላይ በመስፈሩ የሰሚ ሰሚነቱ አይጠፋም፤ እንዲያውም ማን እንዳለው ካልተጻፈ ይብሳል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ እንዲህ ባለው መስመር ተማምኜ ገባሁና በመስቀለኛ ጥያቄ ቃሉ የአምጪው አጎት መሆኑ ወጣ። የዚያን ቀን ችሎት ውስጥ ወለሉን ነው ያየሁት።

## ሽፈራው ለሽማግሌዎች “እጄ ነው” ብሎ አምኖ ከሆነስ?

ይህ የራሱ የተከራካሪው ቃል ነው። ከሰሚ ሰሚ ክልከላ ውጭ የሚቆምበት ምክንያትም ከሌሎቹ ይለያል። “ልጠይቀው አልቻልኩም” የሚል ቅሬታ የሚያነሳው ራሱ ተናጋሪው ሲሆን ቅሬታው ትርጉም ያጣል። ሽማግሌው “በጆሮዬ ሰማሁት” ብሎ ሊመሰክር ይችላል።

ክብደቱ ግን በእርቅ ሥነ ሥርዓታችን ምክንያት በጥንቃቄ ይታያል። የደም እርቅ ሲጀመር የገዳይ ወገን ራሱን ዝቅ አድርጎ ይገባል፤ ደም እንዳይቀጥል ሲባል ስለ ልጁ፣ ስለ ወንድሙ “በደልን፣ ይቅር በሉን” የሚል ሰው አለ። “በደልን” ያለው የቤተሰቡ ሽማግሌ ከሆነ የሽፈራው እምነት አይደለም። ሽፈራው ራሱ “አዎ በጩቤ ወጋሁት” ብሎ ከሆነ ሌላ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ሲመሰክር የሚጠየቀው “አመነ ወይ?” አይደለም፤ “ቃል በቃል ምን አለ፣ ማን አለ?” ነው። ለፖሊስ የተሰጠ ቃል ደግሞ በዚህ መንገድ አይሄድም፤ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 27 እና 35 የራሱ ሥርዓት አለው።

## አስካለ ችሎት ቀርባ “አልሰማሁም” ብትልስ? ባትቀርብስ?

በአንድ መንደር እየኖሩ መመስከር ከባድ ነውና ይህ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ለፖሊስ የሰጠችው ቃል በእጅ አለ። የዚሁ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 145 ግን የዚያን ቃል ጥቅም ወሰን አድርጎለታል፤ ፍርድ ቤቱ ተመልክቶት ምስክሯ የማትታመን መሆኗን ለማሳየት ሊያገለግል ይችላል። ይህም አሁን ያለችውን ያዳክማል እንጂ፣ ድንጋጌው በተጻፈበት መንገድ፣ ለፖሊስ ያለችውን በቦታው አይተክልም። ዐቃቤ ሕግ ሌላ ምስክር ከሌለው የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው።

የሞተች፣ የታመመች ወይም ያልተገኘች ከሆነ የሚረዳው ቁጥር 144 ነው፤ የሚናገረው ግን በቀዳሚ ምርመራ ለፍርድ ቤት ስለተሰጠ ቃል ነው። እዚያ ተከሳሹ የመጠየቅ ዕድል አለው፤ በፖሊስ ጣቢያ የለውም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምስክሩ ዕድሜው የገፋ ወይም አገር ሊለቅ ያለ ከሆነ ቃሉ ቀድሞ በችሎት እንዲመዘገብ መጣር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

## ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ቢመሰክሩ አይበቃም?

ሦስቱም ከማን ሰሙት? ወንድሟ ከአስካለ፣ ባለ ጠላ ቤቷ ከወንድሟ፣ ባለሱቁ ከባለ ጠላ ቤቷ ከሆነ የቀረበው አንድ ምስክር ነው፤ ሦስት ጊዜ የተደገመ። ቃላቸው በጣም ሲመሳሰል ደግሞ ያስጠረጥራል። ፈጥኖ መለየት የሚቻለው አስካለ ብቻ ልታውቀው የምትችለውን ነገር በመጠየቅ ነው፤ ካቡን የተደገፈው በጀርባው ነው ወይስ በጎኑ? ያልነበረ ሰው ወይ ይፈጥራል ወይ ዝም ይላል።

## በችሎት መቼና እንዴት ልቃወም?

መልሱ ከመውጣቱ በፊት። ዳኛው ከሰማ በኋላ “ይሰረዝልኝ” ማለት መዝገቡን እንጂ ጆሮን አያጸዳም። ጥያቄው እንዲህ ሊሄድ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ተከላካይ፦

“ማን እንደወጋው ያውቃሉ?”

“አዎን፣ አውቃለሁ።”

“ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሩ በምን እንዳወቁ አስቀድመው ይግለጹልን።”

“ወንድሜ፣ አገሩ ሁሉ ነው የሚያወራው።”

“እርስዎስ የዚያን ዕለት ምሽት የት ነበሩ?”

“እኔማ ደብረ ሲና ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ነው የተመለስኩ።”

ከዚህ በኋላ ሌላ ጥያቄ አትጨምሩ፤ ተቀመጡ።